ባሕር ማዶ ሆነህ ለእናትህ ሐኪም ደብዳቤ ስትጽፍ

በልብ ሕሙማን ክትትል ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ውጭ አገር ያሉ ልጆች የሚጽፉት ደብዳቤ ወደ ሐኪሙ ጠረጴዛ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በእኔ እጅ ነው። ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው፦ «እናቴን ምን እንዳገኛት በሚገባኝ ቋንቋ የሚነግረኝ አጣሁ። ለሐኪሟ ልጽፍ ነው። ምን ብዬ ልጻፍ?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ስመልስ ከርሜአለሁ። አሁን እዚህ ላስቀምጠው።

የምጽፈው ለወንድ ልጅ ነው፤ ሴት ልጅ ከሆንሽም አሠራሩ አይለወጥም። ነገሩ በወሬ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን። እናት 67 ዓመታቸው ነው። ትንፋሽ አጥሯቸው፣ እግራቸው አብጦ ስድስት ቀን ተኝተው ታከሙ። አስታማሚዋ ታናሽ እህት ናት። ሐኪሙ ሲያወጣቸው አስረዳት። እሷ ደግሞ ማታ ለወንድሟ ደወለችና «ልቧ አብጧል፤ 35 በመቶ ብቻ ነው የሚሠራው፤ የልብ ድካም ነው አሉ» አለችው። ልጅ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ደብዳቤውን የምንጽፈው ለእሱ ነው።

መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ

ደብዳቤ ለማስረዳት እንጂ ለድንገተኛ አይሆንም። እናትህ ቁጭ ባሉበት ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ጋደም ማለት ካቃታቸው፣ ደረታቸውን አጥብቆ ከያዛቸው፣ ራሳቸውን ከሳቱ ወይም አረፋ የቀላቀለ ሮዝ አክታ ከወጣቸው ጽሑፉን ተወውና አጠገባቸው ላለው ሰው ደውል። አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የደብዳቤ መልስ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል።

ሌላው፦ መልሱ እስኪመጣ ድረስ መድኃኒት እንዳታስቆም፣ እንዳታስጨምር፣ ካለህበት አገርም ገዝተህ እንዳትልክ።

የሚያስፈልጉህ ነገሮች

- የእናትህ የጽሑፍ ፈቃድ፣ በፊርማ ወይም በአውራ ጣት አሻራ
- የካርድ ቁጥራቸው
- ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጣቸው ማጠቃለያ ወረቀት ፎቶ
- የምርመራ ውጤቶች ፎቶ፤ በእኛ ምሳሌ ኢኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ እና የደም ምርመራው
- አሁን የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ፎቶ፣ ከነማሸጊያቸው
- የሚቀጥለው ቀጠሮ ቀን
- ደብዳቤውን በእጅ የሚያደርስ አንድ ሰው

ደረጃ 1፦ ከሁሉ በፊት እናትህን አስፈቅድ

ብዙው ደብዳቤ ወድቆ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ልጅ መሆንህ ብቻውን ለሐኪሙ ፈቃድ አይሆንም። የሕመሙ ምስጢር የእናትህ ነው። አዋቂ ሆነው፣ አእምሯቸው ሙሉ ሆኖ ሳለ ሐኪሙ ከእሳቸው ፈቃድ ውጭ አፉን ቢከፍት ጥፋተኛው እሱ ነው። በዚያ ላይ አንተን አያውቅህም። በስልክ «ልጇ ነኝ» የሚል ሁሉ ልጅ አይደለም።

ስለዚህ ለብቻቸው ሲሆኑ ደውልላቸው። ጎረቤትና ዘመድ በተሰበሰበበት አይሆንም። ሦስት ነገር ጠይቅ። ሐኪሙ ምን አለሽ? ከዚህ በላይ ማወቅ የምትፈልጊው ነገር አለ? እኔ እንዲነገረኝ ትፈቅጃለሽ ወይ፣ እንዳይነገረኝ የምትፈልጊውስ አለ? የመጀመሪያው ጥያቄ ጥቅሙ ብዙ ነው። ብዙ ጊዜ እናት ከአስታማሚዋ በተሻለ ሰምተዋል፤ የጠየቃቸው ሰው ስለሌለ ዝም ብለዋል።

ከዚያ እህትህ ይህንን በወረቀት ትጻፍላቸው፦

«እኔ ወይዘሮ … የካርድ ቁጥር … ስለ ሕመሜ፣ ስለ ምርመራ ውጤቴና ስለምወስደው መድኃኒት ሐኪሜ ለልጄ ለአቶ … እንዲያስረዳው ፈቅጃለሁ። እንዲነገረው የማልፈልገው፦ …። ቀን … ፊርማ …»

«የማልፈልገው» የሚለውን መስመር አትዝለለው። ባዶ ቢሆን እንኳ «የለም» ተብሎ ይሞላ። ሐኪሙ ያንን ሲያይ እናትህ አስበው እንደፈረሙ ይገባዋል።

አንዳንድ ቤተሰብ «ለእሷ እንዳይነገራት፣ ለእኛ ብቻ ይነገረን» ብሎ ይጽፋል። ጭንቀቱ ይገባኛል። ግን እንዲህ ያለው ደብዳቤ ሐኪሙን አጣብቂኝ ውስጥ ይከተዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ሳይመለስ ይቀራል። የልብ ሕመም ደግሞ ተደብቆ አይታከምም። በየጠዋቱ ሚዛን ላይ የሚወጡት፣ መድኃኒቱን የሚውጡት እሳቸው ናቸው።

እናትህ ራሳቸው ፈቃድ መስጠት በማይችሉበት ሁኔታ ላይ ከሆኑ ደግሞ በእሳቸው ፈንታ ማን መፈረም እንደሚችል የሕክምና ተቋሙን ጠይቅ። የፈቃዱን ወረቀት ያ ሰው ይፈርምበት።

ደረጃ 2፦ ወረቀቶቹን አሰባስብ

ያለ ወረቀት የሚጻፍ ደብዳቤ በወሬ ላይ የቆመ ነው። እህትህ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ በቀን ብርሃን፣ አራቱም ጥግ እንዲታይ አድርጋ ታንሳው። ቀኑና ስሙ ከፎቶው ውጭ ከቀረ ወረቀቱ የማን እንደሆነ፣ የመቼ እንደሆነ አይታወቅም። እጥፋቱ ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ ስለማይነበብ ለብቻው ቀረብ ብላ ትድገመው።

መድኃኒቱን ከማዘዣው ሳይሆን ከማሸጊያው አንሱት። ማዘዣው የታዘዘውን ይናገራል፤ ቤት ውስጥ ያለው ማሸጊያ ደግሞ በእርግጥ የሚወሰደውን። ሁለቱ ሲለያዩ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ አስታማሚዋ ማሸጊያዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ስትደረድር ከመካከላቸው ዳይክሎፌናክ ወጣ። ለጉልበታቸው ከፋርማሲ የገዙት ነው፤ ለማንም አልተናገሩም። እንዲህ ያለው ማስታገሻ፣ አይቡፕሮፌንም ጭምር፣ ሰውነት ጨውና ውሃ እንዲይዝ ያደርጋል። የደከመ ልብ ላላቸው ሰዎች እግር እንደገና የሚያብጥበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው።

ደረጃ 3፦ የተባለውን፣ የተጻፈውንና የታየውን ለይ

አንድ ነጭ ወረቀት ሦስት ቦታ ክፈል።

በመጀመሪያው ቦታ የተባለውን ጻፍ። እህትህ እንደነገረችህ፣ ቃል በቃል፣ በትምህርተ ጥቅስ። አታሳምረው። «ልቧ አብጧል፤ 35 በመቶ ብቻ ነው የሚሠራው» ካለች እንደዚያው ይጻፍ። ሐኪሙ ያንን ሲያነብ የተሳሳተው የትኛው ቃል ላይ እንደሆነ ወዲያው ይታየዋልና ማስረዳቱን ከዚያ ይጀምራል።

በሁለተኛው የተጻፈውን። ከማጠቃለያው ወረቀት የሕመሙን ስም፣ ከኢኮው ኢኤፍ የሚለውን ቁጥር አምጣ። ትርጉም አትጨምር፤ ገልብጥ ብቻ።

በሦስተኛው ቦታ፣ ቤት ውስጥ የሚታየውን። ለሐኪሙ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ክሊኒክ ውስጥ ሆኖ አያየውም። «ትንሽ ተሽሏታል» አይበቃም። እህትህን እንዲህ ብለህ ጠይቃት፦ ስንት ትራስ ደርባ ነው የምትተኛው? ሌሊት ትንፋሽ አጥሯት ቁጭ ትላለች? ከመኝታ ቤት እስከ በር ስትሄድ ስንት ጊዜ ትቆማለች? ካልሲዋን ስታወልቅ እግሯ ላይ ምልክቱ ይቀራል? ጠዋት ክብደቷ ስንት ነው?

የትራሱ ነገር ተራ ሊመስልህ ይችላል። ልቡ የደከመ ሰው ጋደም ሲል ወደ ሳንባው የሚሄደው ደም ስለሚጨምር ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ስለዚህ ሳያስበው ትራስ ይደርባል። ከሦስት ትራስ ወደ አንድ መውረድ መሻሻል ነው፤ ከአንድ ወደ ሦስት መውጣት ደግሞ ሐኪሙ ቶሎ ሊሰማው የሚገባ ወሬ ነው።

ደረጃ 4፦ ሁለት ቃል ብቻ አጥራ

ሕክምና ተማር አልልህም። ግን ሁለት ነገር ሳታጠራ ከጻፍክ ጥያቄህ ራሱ ይጣመማል።

አንደኛው «የልብ ድካም» የሚለው ቃል ነው። በእኛ ቋንቋ ሁለት የተለያየ ሕመም በዚህ ስም ይጠራል። አንዱ የልብ ጡንቻ ዝሎ ደም በበቂ ሁኔታ መግፋት ሲያቅተው ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ የሚመጣ፣ ለረጅም ጊዜ በመድኃኒት የሚያዝ ሕመም ነው። ሌላው ለልብ ደም የሚያደርሰው የደም ሥር በድንገት ተዘግቶ የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ነው። «ሃርት አታክ» የሚሉት እሱን ነው። ዜና ላይ «በልብ ድካም ሞተ» ሲባል ብዙ ጊዜ ይህን ሁለተኛውን ማለታቸው ነው። እህትህ የመጀመሪያውን ሰምታ ነግራህ አንተ ሁለተኛውን ሰምተህ ይሆናል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሊያስከትል ስለሚችል ደግሞ ሐኪሙን በቀጥታ «የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ኢኤፍ የሚባለው ቁጥር ነው። የልብ ግራ ታችኛ ክፍል ሲሞላ ከያዘው ደም በአንድ ምት ስንት በመቶውን እንደሚገፋ ይናገራል። ጤነኛ ልብም ቢሆን 100 በመቶ አይገፋም። ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 70 በመቶ መካከል ነው። ስለዚህ 35 ማለት ልብ ከሥራው ሁለት ሦስተኛውን አቁሟል ማለት አይደለም። ቀንሷል፤ በእርግጥም ሕክምና የሚፈልግ ቁጥር ነው። ግን ማወዳደር ያለብህ ከ100 ጋር ሳይሆን ከ60 አካባቢ ጋር ነው። ቁጥሩ በሕክምና ሊሻሻል የሚችልበት ጊዜም አለ። በእናትህ ላይ ምን እንደሚሆን መናገር የሚችለው ግን ሐኪማቸው ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ ከአምስት የማይበልጥ ጥያቄ አውጣ

ሐኪሙ በበሽተኛና በበሽተኛ መካከል ቆሞ ነው ደብዳቤህን የሚያነበው። አምስት ጥያቄ ይመልሳል። ሃያ ጥያቄ ካየ ግን «በኋላ» ብሎ ያስቀምጠዋል። ያ በኋላ አይመጣም።

ጥያቄህ ተጨባጭ መልስ የሚያመጣ ይሁን። «እናቴ እንዴት ናት?» ብትል «ደህና ናቸው» ትባላለህ። «ምን ይሻላል?» ብትል «ክትትሉን ይቀጥሉ» ይሉሃል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም ምንም አልነገረህም። «ኢኮው መቼ ይደገማል፣ ቁጥሩ ስንት ሲሆን ነው ተሻሽሏል የምትሉት?» ካልክ ግን መልሱ ቀንና ቁጥር ይዞ ይመጣል።

«ስንት ዓመት ትኖራለች?» የሚለውን እናትህ እንዲጠየቅ ካልፈቀዱ አታስገባው። ከፈቀዱም በወረቀት ሳይሆን በቃል የሚጠየቅ ነው።

ደረጃ 6፦ ደብዳቤውን ጻፍ

አንድ ገጽ። ቅደም ተከተሉ ማን እንደሆንክ፣ ፈቃዱ፣ የሰማኸው፣ ቤት የሚታየው፣ ጥያቄዎቹ፣ መልሱ በምን መንገድ እንደሚቀልለት። ሰላምታው አይርዘም። የእኛ ልጅ ምሳሌ ይኸው፦

> ቀን …
>
> ለዶክተር …
>
> ጉዳዩ፦ የካርድ ቁጥር … ስለሆኑት ታካሚ ማብራሪያ ስለመጠየቅ
>
> ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የወይዘሮ … ልጅ ነኝ። የምኖረው ውጭ አገር ስለሆነ በቀጠሮዋ ቀን መገኘት አልቻልኩም። እናቴን ስላከሙልን ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ሕመሟ እንዲያስረዱኝ የፈረመችበትን ፈቃድ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።
>
> በስልክ የደረሰኝ እንዲህ የሚል ነው፦ «ልቧ አብጧል፤ 35 በመቶ ብቻ ነው የሚሠራው፤ የልብ ድካም ነው።» ኢኮው ላይ ኢኤፍ 35 በመቶ የሚል አይቻለሁ። በትክክል የገባኝ አይመስለኝም።
>
> ቤት ከገባች 12 ቀን ሆኗታል። አሁን የምትተኛው በሁለት ትራስ ነው፤ ከመታከሟ በፊት አራት ነበር። የእግሯ እብጠት ጠፍቷል። ስትወጣ 61 ኪሎ ነበረች፤ ዛሬ ጠዋት 61.5 ናት። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ደረቅ ሳል አላት። ለጉልበቷ ዳይክሎፌናክ ስትወስድ እንደነበር አሁን ነው ያወቅነው።
>
> ጥያቄዎቼ፦
>
> 1. የልብ ድካም ሲባል የልብ ጡንቻ መዛል ነው ወይስ የደም ሥር መዘጋት አጋጥሟት ነበር?
> 2. መንስኤው ታውቋል ወይስ ገና እየተፈለገ ነው?
> 3. ኢኮው መቼ ይደገማል? ምን ብናይ ተሻሽላለች እንበል?
> 4. ፍሮሴማይድ፣ ኢናላፕሪል፣ ካርቬዲሎልና ስፓይሮኖላክቶን እያንዳንዳቸው ለምን እንደሆኑ በአንድ በአንድ መስመር ቢነግሩን። ሳሉስ ከመድኃኒት ሊሆን ይችላል? ለጉልበቷስ ምን ትውሰድ?
> 5. ምን ስናይ ለክሊኒኩ እንደውል፣ ምን ስናይ ወደ ድንገተኛ እንውሰዳት?
>
> ጊዜዎ ጠባብ እንደሆነ አውቃለሁ። በወረቀቱ ጀርባ በአጭሩ ቢጽፉልኝ፣ ወይም በቀጠሮዋ ቀን … እህቴ አብራት ስትገባ ለአሥር ደቂቃ በስልክ ቢያገኙኝ፣ የሚመችዎትን ይምረጡ። በተራ ሰው ቋንቋ ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል።
>
> ከአክብሮት ጋር፣
> … ስልክ …

ሳሉ ለምን እንደገባ ልንገርህ። ኢናላፕሪል በአንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል። ሳል ደግሞ ሳንባ ውሃ ሲይዝም ይመጣል። ቤተሰብ ይህን መለየት አይችልም፤ ሐኪም ግን ይችላል። ልጁ «መድኃኒቱ አሳላት» ብሎ ቢያስቆም ኖሮ ልብን የሚያግዘውን መድኃኒት ነበር የሚያስቆመው። እሱ ያየውን ጻፈ፤ ፍርዱን ለሐኪሙ ተወ። የዳይክሎፌናኩ ወሬ ግን መልስ እስኪመጣ መቆየት የለበትም፤ እህት በዚያው ቀን ወደ ክሊኒኩ ደውላ ትናገር።

የምርመራውን ወረቀት ይዘት በደብዳቤው ውስጥ መገልበጥ አያስፈልግም። ካርዱ ሐኪሙ ዘንድ አለ። ካርዱ ላይ የሌለውን ነው መጻፍ ያለብህ።

ደረጃ 7፦ አድርስ፣ ከዚያ ጠብቅ

ከሁሉ የሚሻለው ታትሞ፣ ፈቃዱ ከላይ ተያይዞ፣ ከቀጠሮው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ በእጅ መድረሱ ነው። ለክትትል ክፍሉ ነርስ ይሰጥና ካርዱ ውስጥ እንዲገባ ይጠየቅ። ሐኪሙ የእናትህን ካርድ ሲከፍት ደብዳቤው አብሮ ይወጣል። በግል ስልኩ የተላከ መልእክት ግን ከሌላ ሃምሳ መልእክት ጋር ይዋጣል፤ የሌላ ሰው ምስጢርም በማይገባው ቦታ ይቀመጣል። ተቋሙ የራሱ መቀበያ ኢሜይል ካለው እሱም ይሆናል፤ ርዕሱ ላይ ግን የካርድ ቁጥሩን እንጂ የሕመሙን ስም አትጻፍ።

ቀጠሮው አልፎ መልስ ካልመጣ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አስታውስ። አስታዋሹ አንድ ሰው ይሁን። ሦስት ወንድምና እህት ከሦስት አገር ሲደውሉ ሐኪሙ ለማን ምን እንዳለ ይጠፋበታል።

ደረጃ 8፦ መልሱ ሲመጣ በራስህ ቃል መልሰህ ንገረው

በምሳሌአችን ሐኪሙ በቀጠሮው ቀን ስልክ አነሳ። እህት ስፒከሩን ከፈተች፣ እናትም አብረው ሰሙ። የተናገረው በአጭሩ ይህ ነበር፦

«የልብ ጡንቻቸው ዝሏል፤ ክፍሉም ሰፍቷል። አብጧል የተባለው እሱ ነው። እስካሁን ባየነው ምርመራ የደም ሥር መዘጋት ምልክት አላገኘንም። ለረጅም ዓመት ያልታከመ የደም ግፊት ነው የምንጠረጥረው። ፍሮሴማይዱ ውሃ ያወጣል፤ ሌሎቹ ሦስቱ ልብን ያግዛሉ። ሳሉን ዛሬ አይቼዋለሁ፤ ሳንባቸው ንጹሕ ነው፤ መድኃኒቱን በሌላ እቀይረዋለሁ። ዳይክሎፌናክ ይቅር፤ ለጉልበታቸው ሌላ አዝዣለሁ። ኢኮውን ከሦስት ወር በኋላ እንደግማለን። በሦስት ቀን ውስጥ ከሁለት ኪሎ በላይ ከጨመሩ ደውሉልን።»

እዚህ ላይ «ገባኝ፣ አመሰግናለሁ» ብለህ አትዝጋ። የገባህን በሦስት አራት ዓረፍተ ነገር መልሰህ ንገረው። ልጁ እንዲህ አለ፦ «ስለዚህ የልብ ጡንቻ ዝሏል፣ የደም ሥር መዘጋት አልታየም። በየጠዋቱ ትመዘናለች። እብጠቱ ስለጠፋ ፍሮሴማይዱን ልታቆም ትችላለች።»

ሐኪሙ አስቆመው። «እሷን ሐሳብ ተዋት! እብጠቱ የጠፋው እሱን ስለሚወስዱ ነው። የምንቀንሰው እኛ ነን።»

ይህ ስሕተት ያለ መልሶ መናገር አይያዝም ነበር። ልጁ ማታ ለእህቱ ይነግራታል፣ እህት ታስቆማለች፣ እናት በሳምንት ውስጥ እንደገና ያብጣሉ። መልሱ በጽሑፍ ከመጣም ያው ነው፤ የገባህን በአጭሩ ጽፈህ «ትክክል ነኝ?» ብለህ በእህትህ እጅ መልሰህ ላክ።

የክብደቱ ነገር ትክክል የሚሆነው አመዛዘኑ አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። ጠዋት፣ ሽንት ቤት ከሄዱ በኋላ፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ በተመሳሳይ ልብስ፣ በአንድ ሚዛን። ቁጥሩ በደብተር ይጻፍ፣ ደብተሩም በየቀጠሮው ይወሰድ። አንድ ቀን ማታ ሌላ ቀን ጠዋት ከተመዘኑ የታየው ጭማሪ ምግብና ልብስ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

*ክስ የሚመስል ደብዳቤ።* «ለምን ቀደም ብሎ አልታወቀም?» የሚል ጥያቄ መብትህ ነው። ግን ማብራሪያ ከምትጠይቅበት ወረቀት ላይ ካደረግከው ሐኪሙ የሚመልሰው ራሱን ለመከላከል ነው፤ ቋንቋውም ይጠብቃል። ቅሬታ ካለህ ለብቻው፣ ለተቋሙ ኃላፊ ጻፍ።

*«እዚህ ያለ ሐኪም እንዲህ አለ» ማለት።* እናትህን ያላየ ሰው የሰጠው አስተያየት ነው። ሁለተኛ ሐኪም ማማከር ከፈለግክ በግልጽ «የኢኮውንና የማጠቃለያውን ቅጂ ልናገኝ እንችላለን?» በል። የተለመደ ጥያቄ ነው፤ ማንም አይቀየምበትም።

*ከኢንተርኔት የተቀዳ ገጽ ማያያዝ።* ማንም አያነበውም። ያነበብከው ነገር ካስጨነቀህ ወደ አንድ ጥያቄ ለውጠው።

*የመድኃኒቱን ስም በቀለም መግለጽ።* «ነጯ ክኒን» አራት መድኃኒት ልትሆን ትችላለች። ከማሸጊያው ላይ ያለውን ስምና ሚሊግራም ገልብጥ።

*የተሸከመችውን እህት መርሳት።* መልሱ ለአንተ ብቻ ከደረሰ ቤት ውስጥ ምንም አይለወጥም። ማሸጊያውን የምትከፍተው፣ ሚዛኑን የምታነበው እሷ ናት። ጥሪው ላይ ካልነበረች የሐኪሙን ቃል በዚያው ቀን ጽፈህ ላክላት።

*የሐኪሙን ድምፅ ቀድቶ ለቤተ ዘመድ መበተን።* እናትህ የፈረሙት ለአንተ እንዲነገር ነው። ጥሪውን መቅዳት ካስፈለገህ መጀመሪያ ሐኪሙንም እናትህንም ጠይቅ፤ ለሌላ ሰው ከማስተላለፍህ በፊትም እናትህን ደግመህ ጠይቅ። አንድ ጊዜ እኛ ጋ ያሉ ታካሚ የራሳቸውን ሕመም ሙሉ ማብራሪያ ከጎረቤታቸው ስልክ ላይ ሰሙት። ከዚያ ቀን በኋላ ፈቃድ አልፈረሙም።